የማይታየው ጽሑፍ፦ ስካን የተደረገን ገጽ ለፍለጋ ማብቃት

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሰንጋ ተራ የንግድ ሥራ ትምህርትና የገንዘብ ሥራ ጎን ለጎን የሚኖሩበት ሠፈር ነው። የብዙ ትውልድ የሒሳብና የንግድ ባለሙያዎች የተማሩት በዚሁ አካባቢ በሚገኘው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው፤ በዙሪያውም የባንክና የመድን ድርጅቶች ሕንጻዎች ተሰልፈዋል። በእንዲህ ያለ ሠፈር ፈላጊ የማያጣ አንድ መጽሐፍ አለ፤ እርሱም የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነው። ይህ ሕግ በአብዛኛው በ2013 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። ይሁን እንጂ ስለ ማጓጓዝና ስለ መድን የሚናገረው ሦስተኛው መጽሐፍ፣ እንዲሁም ስለ ተላላፊ የንግድ ወረቀቶችና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገረው አራተኛው መጽሐፍ አልተሻሩም። ስለዚህ የቼክን ሕግ ማወቅ የሚሻ ተማሪ ዛሬም ከስድሳ ዓመት በላይ ወዳስቆጠረው ኅትመት ይመለሳል።

በተማሪው እጅ የሚገባው ግን ብዙውን ጊዜ መጽሐፉ ራሱ አይደለም። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ በስካነር ተነሥቶ ፒዲኤፍ ሆኖ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ይደርሰዋል። ተማሪው ፋይሉን ከፍቶ በመፈለጊያው ሣጥን ውስጥ «ቼክ» ብሎ ይጽፋል። ቃሉ በፊቱ ባለው ገጽ ላይ ጎልቶ ተጽፎ እያለ ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» ይላል። ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ቃሉ እንዲገኝ ምን ይደረጋል? ፒዲኤፉን ትቶ ተራ ጽሑፍ መያዝ የሚሻለውስ መቼ ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በተራ መመለስ ነው።

ፊደል የሌለበት ገጽ

ፒዲኤፍ በባሕርዩ እንደ መያዣ ሣጥን ነው። በውስጡ ፊደል ሊኖር ይችላል፤ ምስል ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። ከስካነር በቀጥታ የወጣ ፒዲኤፍ ምስል ብቻ የያዘ ነው። አንድ የኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ሲነሣ በወርዱ 2480፣ በቁመቱ 3508 ነጥቦች ይኖሩታል፤ በድምሩ 8.7 ሚሊዮን ያህል ማለት ነው። ለኮምፒውተሩ ገጹ እነዚህ ነጥቦች እንጂ ሌላ አይደለም። «ቼክ» የሚለው ቃልም ለእርሱ በነጭ መስክ ላይ የተበተኑ ጥቂት መቶ ጥቁር ነጥቦች ናቸው።

ፍለጋ ግን የሚሠራው በነጥብ ሳይሆን በፊደል መለያ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም የኢትዮጵያ ፊደላት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መለያ ቁጥር አግኝተዋል። ይህ ቁጥር በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ሲጻፍ «ቼ» 127C፣ «ክ» ደግሞ 12AD ነው። በመፈለጊያው ሣጥን ውስጥ «ቼክ» ብለን ስንጽፍ ኮምፒውተሩ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተከታትለው የሚገኙበትን ቦታ ይፈልጋል። በምስል ብቻ በተሠራ ፋይል ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ስለሌለ የሚገኝም ነገር የለም።

ከምስሉ ጋር የሚደረበው ሥውር ንብርብር

መፍትሔው ምስሉን ሳያጠፉ ፊደሉን መጨመር ነው። በመጀመሪያ ፊደል አንባቢ ፕሮግራም፣ በተለምዶ ኦሲአር የሚባለው፣ ምስሉን መርምሮ እያንዳንዱ ቃል ምን እንደሆነና በገጹ ላይ የት እንዳለ ይገምታል። ከዚያም የተገመተው ቃል ልክ በምስሉ ላይ ባለበት ቦታ በፒዲኤፉ ውስጥ ይጻፋል፤ ግን በማይታይ ቀለም። አንባቢው የሚያየው ጥንታዊውን ገጽ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ደግሞ በዚያው ቦታ የተደረበውን ሥውር ጽሑፍ ነው። ቃሉ ሲገኝ የሚቀባው ቢጫ ምልክት በምስሉ ላይ ያረፈ የሚመስለውም ሁለቱ በአንድ ቦታ ስለተነባበሩ ነው።

በፋይሉ ውስጥ ይህ እንዴት እንደሚጻፍ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በቀላሉ ሲቀርብ «ቼክ» የሚለው ሥውር ቃል ይህን ይመስላል፦

```
BT
3 Tr
/F1 12 Tf
72 700 Td
<127C12AD> Tj
ET
```

የመጀመሪያውና የመጨረሻው መስመር የጽሑፉን መጀመሪያና መጨረሻ ያመለክታሉ። የነገሩ ቁልፍ ሁለተኛው መስመር ነው፤ `3 Tr` ማለት «ፊደሉን አትሙላው፤ ዙሪያውንም አትሥለው» የሚል ትእዛዝ ነው። ሦስተኛው መስመር የፊደሉን ዓይነትና መጠን፣ አራተኛው ቦታውን ይወስናል፤ ቦታው ከገጹ ግራ ጠርዝ 72፣ ከታችኛው ጠርዝ 700 ነጥብ ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ነጥብ የኢንች 1/72ኛ ነው። አምስተኛው መስመር የሁለቱን ፊደላት መለያ ቁጥር ይዟል። ፊደሉ ስለማይሣል ምንም ቅርጽ የሌለው «ባዶ» የፊደል ዓይነት ይበቃዋል። የሚያስፈልገው ቁጥሩ የትኛው የዩኒኮድ ፊደል እንደሆነ የሚናገር ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

ይህን የሚሠሩ ነጻ መሣሪያዎች አሉ። ፊደሉን የሚያነበው ቴሰራክት የተባለው ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ በሒውሌት ፓካርድ ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ክፍት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አራተኛ ዕትሙ ደግሞ በነርቭ መረብ አማካይነት ጽሑፍን መስመር በመስመር ማንበብ ጀመረ። የአማርኛ መረጃውም `amh` በሚል ስም ይገኛል። `ocrmypdf` የተባለው ሁለተኛው መሣሪያ ቴሰራክትን አሠርቶ ውጤቱን በፒዲኤፉ ላይ ይደርባል። በኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ሁሉም በአንድ ትእዛዝ ይጫናሉ፦

```
sudo apt install ocrmypdf tesseract-ocr-amh poppler-utils
```

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የኮምፒውተር ሳይሆን የስካነር ነው። በኢንች 300 ነጥብ ይነሣ የሚባልበት ምክንያት በእኛ ፊደል ላይ በተለይ ይታያል። በ10 ነጥብ መጠን የታተመ ፊደል የተመደበለት ቁመት በዚህ ጥራት ሲነሣ 42 ነጥቦች ያህል ነው። «በ»ን ከ«ቡ» የሚለየው ትንሽ ቅጥያ የዚህ አንድ አሥረኛ ቢሆን አራት ነጥቦች ያህል ይደርሱታል። ጥራቱ ወደ 150 ሲወርድ ቅጥያው ሁለት ነጥቦች ብቻ ይቀሩታል፤ ከደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ላይ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። በላቲን ፊደል ትንሽ ምልክት ቢጠፋ ብዙ ጊዜ ቃሉ አይለወጥም፤ በእኛ ፊደል ግን አናባቢው ያለው በዚያች ቅጥያ ላይ ነው። ስለዚህ በተቻለ መጠን ከመጀመሪያው ኅትመት፣ ካልተገኘም ከጥርት ካለው ኮፒ መነሣት ይገባል። ከጥቁርና ነጭ ይልቅ በግራጫ ማንሣትም ደብዛዛው ቅጥያ እንዳይጠፋ ይረዳል።

ስካን የተደረገው ፋይል `hig.pdf` ነው እንበል። የሚከተለው ትእዛዝ የተንጋደዱትን ገጾች ያቀናል፤ አማርኛውን ያነባል፤ ሥውር ንብርብር ያለው አዲስ ፒዲኤፍ ይሠራል፤ ያነበበውንም በተጨማሪ በተራ ጽሑፍ ያስቀምጣል፦

```
ocrmypdf -l amh --deskew --sidecar hig.txt hig.pdf hig-2.pdf
```

ገጹ አማርኛና እንግሊዝኛ በሁለት ዓምዶች የሚጻፉበት ከሆነ፣ ለምሳሌ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ከሆነ፣ `-l amh+eng` መባል አለበት። ይህ ካልሆነ ፕሮግራሙ የእንግሊዝኛውን ፊደላት በአማርኛ ሊተረጉማቸው ይታገላል።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ምርመራዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ፒዲኤፉን ከፍቶ በአንድ ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ መምረጥ ነው። ምልክቱ በመስመሮቹ ላይ በትክክል ካረፈ ንብርብሩ በቦታው ነው ማለት ነው፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ካፈነገጠ ገጹ ጠማማ ነው ወይም ዓምዶቹ ተደባልቀዋል። ሁለተኛው የተሰወረውን ጽሑፍ አውጥቶ በዓይን ማንበብ ነው። 12ኛውን ገጽ ብቻ ለማየት፦

```
pdftotext -f 12 -l 12 hig-2.pdf -
```

ይህ ሁለተኛው ምርመራ ብዙ ሰው የሚዘልለው፣ ነገር ግን ሊዘለል የማይገባው ነው። ምክንያቱን ቀጥለን እናያለን።

ስሕተቱ ራሱም ሥውር ነው

ፊደል አንባቢው ግምት ሰጪ ነው። ቴሰራክት የሠለጠነው በአመዛኙ በኮምፒውተር በተሠሩ ፊደላት ነው፤ ከስድሳ ዓመት በፊት በእርሳስ ፊደል ተለቅሞ የታተመ ገጽ ከዚያ ይለያል። ስለዚህ ከመቶ ፊደል ሁለቱን ቢስት የሚያስገርም አይሆንም። ከመቶ ዘጠና ስምንቱን አገኘ ሲባል ውጤቱ መልካም ይመስላል፤ ለፍለጋ ያለውን ትርጉም ግን እናስላው።

ስሕተቶቹ በእኩል ተበታትነዋል ብለን እናስብ፤ አንድ የአማርኛ ቃልም አምስት ፊደል አለው እንበል። ቃሉ ያለ ስሕተት የመነበብ ዕድሉ 0.98 በአምስት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው 0.904 ነው። ስለዚህ ከአሥር ቃል አንዱ ያህል ተሳስቷል፤ በፍለጋም አይገኝም። ሦስት ቃል ያለውን ሐረግ የምንፈልግ ከሆነ ዕድሉ 0.904 በሦስት ጊዜ ተባዝቶ 0.74 ያህል ይሆናል፤ ከአራት ሐረግ አንዱ ያመልጠናል ማለት ነው። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሥውር ንብርብር ባለው ፋይል ውስጥ ረጅም ሐረግ ሳይሆን አጭርና ብርቅ ቃል መፈለግ ይሻላል። ደግሞም «አልተገኘም» የሚለው መልስ «የለም» ማለት አይደለም። ሕጉ ስለ አንድ ነገር ዝም ብሏል ብሎ ለመደምደም ፍለጋ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ የከፋው ቃሉ ተሳስቶ ሌላ ትክክለኛ ቃል ሲሆን ነው። ለምሳሌ እንዲሆን የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፤ ከሕጉ የተወሰደ ሳይሆን ለማሳያ የተሠራ ነው። «ገንዘቡ የሚሰጠው ለተከፋዩ ነው» የሚል መስመር በገጹ ላይ አለ እንበል። ፊደል አንባቢው ደብዛዛዋን «ተ» ቢዘልላት «ገንዘቡ የሚሰጠው ለከፋዩ ነው» ብሎ ይጽፋል። በአንዲት ፊደል ምክንያት ገንዘብ ተቀባዩና ገንዘብ ሰጪው ቦታ ተለዋወጡ። «ከሳሽ»ና «ተከሳሽ»ም እንዲሁ በአንዲት ፊደል የሚለያዩ ናቸው። ፊደል አራሚ ፕሮግራም ይህን አይዝም፤ ሁለቱም ቃላት ትክክለኛ አማርኛ ናቸውና።

በፒዲኤፉ ላይ የሚያነበው ሰው ይህን ስሕተት ፈጽሞ አያየውም፤ ዓይኑ የሚያርፈው በምስሉ ላይ ነው፤ ምስሉም ትክክል ነው። አደጋው የሚመጣው መስመሩን መርጦ ቀድቶ በጥናት ወረቀቱ ወይም በማመልከቻው ላይ ሲለጥፈው ነው። ያነበበው ሌላ፣ የተለጠፈው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ሥውሩ ንብርብር እንደ መጽሐፍ ማውጫ መቆጠር አለበት። ቦታውን ይጠቁማል እንጂ በራሱ ምስክር አይሆንም። ምስክሩ ምስሉ ነው። ከሥውር ንብርብር የተቀዳ ማንኛውም ጥቅስ ከምስሉ ጋር ፊደል በፊደል መመሳከር ይኖርበታል።

ምስሉም ቢሆን እምነት የሚጣልበት ሳይበላሽ ከተጨመቀ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ አንዳንድ የዜሮክስ ስካነሮች በሰነድ ላይ ያሉ አኃዞችን፣ ለምሳሌ 6ን በ8፣ እንደሚለውጡ አጋለጠ። መሣሪያዎቹ ቦታ ለመቆጠብ የሚመሳሰሉ ቅርጾችን በአንድ ቅርጽ ይተኩ ስለነበር ነው። አኃዝና ቅጥያ ወሳኝ በሆኑበት ሰነድ ላይ ፋይሉን እጅግ ለማሳነስ የሚደረግ ጭመቃ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ይህ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

በትክክል የተነበበ ቃል የማይገኝበት ምክንያት

ፊደል አንባቢው አንድም ስሕተት ባይሠራ እንኳ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ፍለጋ የሚሰናከልባቸው ነገሮች አሉ። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የቃላት መለያው ነው። በ1950ዎቹ ኅትመት በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ማስቀመጥ የተለመደ ነበር። ንብርብሩ «የንግድ፡ሕግ» ብሎ ከያዘ፣ በባዶ ቦታ ለይቶ «የንግድ ሕግ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ለኮምፒውተሩ ሁለት ነጥብና ባዶ ቦታ የተለያዩ መለያ ቁጥሮች ናቸው።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። «ሕግ»፣ «ህግ» እና «ኅግ» ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን የጻፈ ፈላጊ ሌሎቹን አያገኝም።

ሦስተኛው የመስመር መጨረሻ ነው። በጠባብ ዓምድ በተለቀሙ አሮጌ ኅትመቶች ውስጥ ቃል ያለ ሰረዝ ይሰበራል፤ ቀጣዩ ፊደል የሚገኘው በሚከተለው መስመር መጀመሪያ ላይ ነው። «ተ» በአንዱ መስመር መጨረሻ፣ «ከፋይ» በሌላው መጀመሪያ ላይ ሲቀሩ «ተከፋይ»ን የፈለገ ያጣዋል፤ «ከፋይ»ን የፈለገ ደግሞ የማይገባውን ያገኛል።

አራተኛው አኃዝ ነው። በንግድ ሕጉ ስለ ቼክ የሚናገሩት ድንጋጌዎች የሚጀምሩት ከቁጥር 827 ነው። ይህ ቁጥር በግዕዝ አኃዝ ሲጻፍ ፰፻፳፯ ይሆናል። ገጹ ላይ ያለው በግዕዝ አኃዝ ከሆነ «827» ብሎ መፈለግ ከንቱ ነው። የግዕዝ አኃዞች ከላይና ከታች ሰረዝ ስላላቸውና እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ ለፊደል አንባቢውም አስቸጋሪ ናቸው። እንዲህ ሲሆን ከቁጥሩ ይልቅ «ቼክ» የሚለውን ቃል መፈለግ የተሻለ መንገድ ነው።

ከእነዚህ የተለየ፣ ግን በመልክ የሚመሳሰል አንድ ሌላ ችግር አለ። አንዳንድ ፒዲኤፎች ስካን የተደረጉ አይደሉም፤ ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ናቸው። በዓይን ሲታዩ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ግን አንድ መስመር ተቀድቶ በሌላ ቦታ ሲለጠፍ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ይወጣል። በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ የአማርኛው ቅርጽ በላቲን ቁጥሮች ላይ ተለጥፏል። `ocrmypdf` እንዲህ ያለውን ገጽ ሲያገኝ «ጽሑፍ አለው» ብሎ ሥራውን ያቆማል። `--force-ocr` የሚለው ትእዛዝ ሲጨመርበት ግን ገጹን ወደ ምስል ለውጦ እንደገና ያነበዋል።

ተራ ጽሑፍ የሚሻልበት ጊዜ

ከላይ ከተዘረዘሩት እንቅፋቶች አብዛኞቹ በፒዲኤፉ ውስጥ መፍትሔ የላቸውም ለማለት ይቻላል። ሥውሩን ጽሑፍ ማረም አስቸጋሪ ነው፤ የፒዲኤፍ ማንበቢያዎችም ሞክሼ ፊደላትን አቻ አድርገው የመፈለግ ልማድ የላቸውም። በተራ ጽሑፍ ግን ሁሉም ቀላል ነው። ቀደም ሲል `--sidecar` ያስቀመጠልንን `hig.txt` እንውሰድ። ሁለቱን ድርብ ነጥቦች ወደ አራት ነጥብ፣ ነጠላውን ሁለት ነጥብ ወደ ባዶ ቦታ ለመለወጥ አንድ መስመር ይበቃል፦

```
sed -e 's/፡፡/።/g' -e 's/፡/ /g' hig.txt > hig-2.txt
```

የትእዛዞቹ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ሁለተኛው ቀድሞ ቢሠራ የዓረፍተ ነገር መጨረሻዎች ሁሉ ይጠፉ ነበር። ከዚያም «ሕግ»ን በሦስቱም አጻጻፍ በአንድ ጊዜ መፈለግ ይቻላል፦

```
grep -nE '[ህሕኅ]ግ' hig-2.txt
```

በቅንፉ ውስጥ ያሉት ፊደላት «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ናቸው። ይኸው ፍለጋ በመቶ በሚቆጠሩ ፋይሎች ላይ በአንድ ጊዜ ሊሠራ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት መጠን ነው። ከላይ ያየነው ገጽ በግራጫ ሲነሣ ሳይጨመቅ 8.7 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ በጥቁርና ነጭ ቢነሣም 1.1 ሜጋባይት ያህል ነው። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ 1500 ፊደላት ያሉት ገጽ 4500 ባይት ብቻ ነው ማለት ነው። ጭመቃ ልዩነቱን ቢያጠበውም ተራ ጽሑፉ እጅግ ቀላል ሆኖ ይቀራል። ከዚህም በላይ በስልክ መስታወት ላይ መስመሩ ራሱን ከስፋቱ ጋር ያስማማል፤ የገጽ ምስል ግን እየጎተቱ ካልሆነ አይነበብም።

ሦስተኛው ምክንያት ለማየት የተሳናቸው አንባብያን ናቸው። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ፕሮግራም የሚያነበው ምስሉን ሳይሆን ሥውሩን ንብርብር ነው። ለሚያይ አንባቢ የማይታየው ስሕተት ለእነርሱ ያለው ብቸኛ ጽሑፍ ነው። «ለተከፋዩ» የሚለው «ለከፋዩ» ተብሎ ሲነበብላቸው ወደ ምስሉ ተመልክተው የሚያርሙበት መንገድ የላቸውም። ለእነዚህ ተማሪዎች የሚዘጋጅ ጽሑፍ በሰው ታርሞ በተራ ጽሑፍ መቅረብ አለበት።

ተራ ጽሑፍ ግን የራሱ ዋጋ አለው። ምስሉ አብሮት ስለሌለ ስሕተቱን የሚመሰክርበት የለም፤ ስለዚህ ካልታረመ ከፒዲኤፉ የባሰ አሳሳች ይሆናል። አንድ ሰው ገጹን ከምስሉ ጋር እያመሳከረ ለማረም 15 ደቂቃ ቢፈጅበት 60 ገጽ 15 ሰዓት ይወስዳል። የተሻለው ዘዴ ሁለት ሰው መሆን ነው፤ አንዱ ከምስሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል፤ ሌላው በጽሑፉ ላይ ይከታተላል። ሞክሼ ፊደላትን ግን ጆሮ ስለማይለያቸው እነርሱ በዓይን መታየት አለባቸው። በተጨማሪም ሠንጠረዥ፣ ማኅተም፣ ፊርማና የኅዳግ ጽሑፍ በተራ ጽሑፍ ውስጥ ይጠፋሉ ወይም ይፈርሳሉ። ሁለት ዓምድ ያለው ገጽም ዓምዶቹ ከተደባለቁ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ መስመር ያመጣል። በፒዲኤፉ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል በቦታው ስለሚቀመጥ ይህ ድብልቅ ነጠላ ቃል ለሚፈልግ ሰው ብዙም አይጎዳም፤ ተራ ጽሑፍን ግን የማይነበብ ያደርገዋል።

እንግዲህ ምርጫው የሚወሰነው ሰነዱ በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ገጹ እንደ ማስረጃ የሚቀርብ ከሆነ፣ የገጽ ቁጥሩና የኅትመቱ መልክ የሚጠቀስ ከሆነ፣ ወይም የሚያርም ሰው ከሌለ ሥውር ንብርብር ያለው ፒዲኤፍ ይበቃል። ጽሑፉ በስልክ የሚነበብ፣ በድምፅ የሚሰማ፣ በብዙ ፋይሎች መካከል የሚፈለግ ወይም እንደገና የሚታተም ከሆነ ደግሞ የታረመ ተራ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ለንግድ ሕጉ ያሉት አንቀጾች ሁለቱንም ይፈልጋሉ። መላው መጽሐፍ በፒዲኤፍ ይያዝ፤ ተማሪው ዘወትር የሚመላለስባቸው የቼክና የመድን ክፍሎች ብቻ ተመርጠው ይታረሙ። `--sidecar` የሚያወጣው ጽሑፍ በየገጹ መካከል የገጽ መለያ ምልክት ስለሚያስቀምጥ በእርማት ጊዜ ያንን ምልክት አለማጥፋት ይገባል። ምልክቱ ካለ፣ በታረመው ጽሑፍ ውስጥ የተገኘ ማንኛውም መስመር በስንተኛው ምስል ላይ እንዳለ ይታወቃል፤ በ«ከፋይ»ና በ«ተከፋይ» መካከል ጥርጣሬ ሲነሣም ያንን ገጽ ከፍቶ መመልከት የአንድ ደቂቃ ሥራ ይሆናል።